ብርሃኑን ብቻ

በስቴብል ዲፊውዥን የሠራሁት ምስል ልክ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ሴትዮዋ ጀበናውን አዘንብላ ቡና ትቀዳለች፣ ረከቦቱም ቦታውን ይዟል። ብርሃኑ ግን እንደ ፎቶ ቤት ፍላሽ ድርቅ ብሏል። እዚህ ላይ ፕሮምፕቱን እንደ አዲስ መጻፍ ያጓጓል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የሲዱን ቁጥር ነው። `Seed` የሚለው `-1` ላይ ካለ መነሻው በየጊዜው ስለሚቀየር፣ ለውጡን ያመጣው ቃሉ ይሁን ዕጣው አይታወቅም። ስለዚህ የወደድኩትን ምስል ቁጥር እዚያ አስገባሁ፤ ሌላውን ሁሉ ሳልነካ `studio lighting` የሚለውን ብቻ በ`soft window light` ተካሁ።

ጥላው ለሰለሰ፣ የጀበናው አንገት ላይ ያበራ የነበረው ነጭ ነጥብም ጠፋ። ሴትዮዋ እዚያው ናት፤ የነጠላዋ ጥለት ግን ትንሽ ተቀየረ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሞዴሉ ቃላቱን አያይዞ ስለሚያነብ አንዱ ሲለወጥ ሌላውንም ይነካካል። ፊቷና አቀማመጧ ጭምር ከተለወጡ፣ ወደ ነበረው ተመልሼ ቀረብ ያለ ቃል እሞክራለሁ። ጀበናውን የያዙት ጣቶች ስድስት ከሆኑ ግን ቃል መቀያየሩ ብዙም አይረዳም፤ እጁን ብቻ ከልሎ በኢንፔይንቲንግ እንደገና ማሠራት ይሻላል።