የክፉ ቀን ብር የት ይደር?

ያለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ትንሿ ልጄ ሁምቦ፣ አያቷ ጋ ሰንብታ በተመለሰች በሳምንቷ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ትኩሳት ጣላት። ሶዶ ወይና ደጋ ቢሆንም የወባን ነገር እናውቀዋለን፤ ቆላው ደርሶ የመጣ ልጅ ሲያንቀጠቅጠው ጠዋትን አንጠብቅም። ባጃጅ ለምነን ሕክምና ቤት ደረስን። መተኛት አለባት ተባለ፤ ለማስያዣ 4,000 ብር። በእጄ የነበረው 700 ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ብር አልነበረኝም እንዳትሉኝ። ባንክ ውስጥ 9,000 ብር አለኝ። በሰፈራችን ሴቶች የቁጠባ ቡድን ሣጥን ውስጥም ድርሻ አለኝ። ዕቁብም እጥላለሁ፤ ግን ዕጣዬ ገና አልወጣም። ዕድሩ ደግሞ ለሐዘን እንጂ ለሕመም አይከፍልም። ገንዘቤ በየቦታው ነበረ፤ የሌለው እኔ ያለሁበት ቦታ ነው።

የባንክ ካርዴን ይዤ ወደ ገንዘብ መክፈያው ማሽን ሄድኩ። ኔትወርክ የለም። ባንኩ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ወደ ሣጥኑ ልሂድ ብልም የእኛ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። ሣጥኑ አንዷ ቤት ያድራል፤ ቁልፎቹ ሌሎች ሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ቦዲቲ ለቅሶ ሄዳለች። ይህ የሣጥኑ ጉድለት አይደለም፤ የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። አሠራሩ ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ የጀመረው ነው፤ ማንም ብቻውን እንዳይከፍት፣ የሚከፈተውም በስብሰባ ፊት ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነው። ሌባን የሚከለክል ቁልፍ ግን ሌሊት እናትንም ይከለክላል።

በመጨረሻ ያዳነችኝ የቡድናችን ሰብሳቢ ናት። ስደውልላት ከእንቅልፏ ተነስታ ከራሷ ብር በቴሌብር ላከችልኝ። ጠዋት ባንክ እንደተከፈተ መለስኩላት። ልጄም በሦስተኛው ቀን ወጣች።

እሑድ ሣጥኑ ሲከፈት ግን ሌላ ነገር አየሁ። እኛ ሃያ ሴቶች ነን። በሳምንት መቶ መቶ ብር እንቆጥባለን፤ በዚያ ላይ አሥር አሥር ብር ለድንገተኛ ችግር እናዋጣለን። ይህ አሥር ብር ወለድ የለውም፤ ለታመመች የሚሰጥ ነው። የቡድናችን ዓመት የሚያልቀው ደግሞ መስከረም ላይ፣ ለጊፋታ ነው። ለበሬው፣ ለቅቤው፣ ለልጆች ልብስና ደብተር ሁሉም ብሩን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሣጥኑን እስከ መጨረሻዋ ብር ተካፍለን እንበተናለን። ጥቅምት ላይ አዲሱን ከዜሮ እንጀምራለን። ልጄ ስትታመም አራት ሳምንት ብቻ አዋጥተን ስለነበር የድንገተኛው ገንዘብ 800 ብር ብቻ ነበር። ያን ሳምንት ልጅ የታመመባት ደግሞ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሦስት ነበርን። ለየአንዳንዳችን የደረሰን 250 ብር ገደማ ነው።

የሰፈር ቁጠባ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቶች በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ትንኝ ሥር እንኖራለን። ወባው ሲመጣ ወደ ሁላችንም ይመጣል፤ የበልጉ ምርት ሲዘገይ የሁላችንም ጓዳ ይራቆታል። ባንክ ያለው ብር ግን ጎረቤቴ ስለታመመች አይቀንስም። ባንኩ ራሱ ቢወድቅ እንኳ እስከ 100,000 ብር ያለውን ተቀማጭ የሚመልስ የመድን ፈንድ በአገራችን ተቋቁሟል። የጠፋ ሣጥን ግን የሚመልሰው የለም።

ታዲያ ሣጥኑን ልተወው? አልተውኩትም። ሚያዝያ ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ።

አባቴ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ፤ የእኔ ድርሻ 6,000 ብር። የባንክ ሂሳቤ በወባው፣ በትምህርት ቤት ክፍያና በዘመድ ልመና ተቦርቡሮ 1,500 ብር ቀርቶ ነበር። ባንክ ያስቀመጥኩትን ብቻ ነው የሚሰጠኝ፤ ከዚያ በላይ ብድር ብጠይቅ ማስያዣ ይጠይቀኛል። በቡድናችን ግን አባል የቆጠበችውን እስከ ሦስት እጥፍ ትበደራለች። ያኔ 28 ሳምንት ቆጥቤ 2,800 ብር ስለነበረኝ እስከ 8,400 መበደር እችል ነበር። 6,000 ወሰድኩ። ወለዱ በቀረው ዕዳ ላይ በወር 5 በመቶ ነው። በየወሩ 2,000 እየመለስኩ በመጀመሪያው ወር 300፣ በሁለተኛው 200፣ በሦስተኛው 100፣ በጠቅላላው 600 ብር ወለድ ከፈልኩ። ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያ 600 ብር ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ መስከረም ላይ ለሃያችን ሲከፋፈል ለእኔም ደረሰኝ።

እንግዲህ ሁለቱ አንድ ሥራ አይሠሩም። ባንኩ ያለኝን ይጠብቃል፤ ሣጥኑ የሌለኝን ያበድረኛል። ሣጥኑ ጥቅምት ላይ ደካማ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ጎረምሳ። የእኔ ባንክ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ማንም ስለማያየው እኔው ራሴ በየምክንያቱ አወጣሁት። የሣጥኑን ብር ግን እሑድ እሑድ ሃያ ሴት እያየችኝ ማስቀረት አልችልም።

አሁን የክፉ ቀን ብሬን በሦስት ከፍዬዋለሁ። የአንድ ሌሊት ወጪ፣ 4,000 ብር፣ ግማሹ ስልኬ ላይ፣ ግማሹ ቤት በጥሬው ነው፤ ጥሬው ኔትወርክም ቁልፍም አይጠይቀኝም። የሁለት ሳምንት ወጪ የሚሆነው ካርድ በሌለው ሌላ የባንክ ሂሳብ ነው፤ ለማውጣት መሰለፍ አለብኝ፤ ሰልፉ ሐሳቤን እንድቀይር ጊዜ ይሰጠኛል። ባንኮች ለቁጠባ ከሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ፣ 7 በመቶ፣ ትርፍ አልጠብቅም፤ ገበያው ይቀድመዋል። ከዚያ ለሚበልጠው ነገር ሣጥኑ አለ።

ቡድናችንም አንድ ነገር ቀየረ። ዘንድሮ ለጊፋታ የተካፈልነው ቁጠባውንና ወለዱን ብቻ ነው። የድንገተኛውን መዋጮ ቀሪ ሳንነካው ወደ አዲሱ ዓመት አሻገርነው። ክርክር ነበረው፤ «የበዓል ብር ለበዓል ነው» ያሉም ነበሩ። ያለፈውን ጥቅምት ያስታወስናቸው እኛ ሦስቱ እናቶች ነን።

እናንተም ቡድን ካላችሁ እሑድ አንድ ነገር ተመልከቱ። በኛ ዘንድ ስብሰባው ሲያልቅ የቀረው ብር ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ ሁላችንም በቃል እንይዘዋለን። በሚቀጥለው እሑድ ሣጥኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ ብሩ ይቆጠራል፤ በቃል ከያዝነው ጋር መግጠም አለበት። ቆጠራው «ዛሬ ተቸኩለናል» ተብሎ መዘለል ከጀመረ፣ ወይም የአንዷ ዕዳ ሳይከፈል በአዲስ ብድር እየታደሰ ከሄደ፣ ያ ሣጥን ለክፉ ቀናችሁ አይደርስም። ያኔ ዝም አትበሉ፤ ብሩ ሳይቆጠር መዋጮ አልሰጥም በሉ። እኔ አንድ ጊዜ ብያለሁ፤ ለጊዜው ፊት ነሱኝ እንጂ ብሩ ተቆጠረ።