ማሽኑ ብቻውን አይወጣም

ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግቢ ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ነገር አይጠፋም። የተረፈ ፌሮ ይኖራል፣ የካሳፎርማ ጣውላ ይኖራል፣ አንዳንዴም ለራስ ሥራ ተብሎ የተገዛ ማሽን ይኖራል። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ግቢ ውስጥ የቀረው የኮንክሪት ቫይብሬተር ነበር። ቤታቸውን ሲሠሩ በየሙሌቱ መከራየት ሰልችቷቸው ገዙት። ቤቱ አለቀ፣ ማሽኑ ቀረ።

ቫይብሬተር ማለት አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ነው። ከሞተሩ ረጅም ተጣጣፊ ቱቦ ይወጣል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ ብረት አለ። ብረቱ እርጥቡ ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ የታፈነው አየር ይወጣል፣ ኮንክሪቱም ፌሮውን አቅፎ ይቀመጣል። ያለሱ የተሞላ ኮለን ካሳፎርማው ሲፈታ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ፣ ፌሮው አፍጥጦ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሙሌት ባለበት ሁሉ ይፈለጋል፤ የሚፈለገው ግን ለአንድ ለሁለት ቀን ነው። ለአንድ ቀን ብሎ የሚገዛው ስለሌለ ይከራያል።

ሰፈር ውስጥ የሚሠራ አንድ ፎርማን፣ «ጋሼ፣ ይኼን እኮ ቢያከራዩት ለጡረታዎ ድጎማ ነው» አላቸው። ነገሩ ልክ ይመስላል። ማሽኑ አለ፣ ዋጋው ተከፍሏል፣ የሚገባው ሁሉ ትርፍ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ የተበላሸው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

መምህሩ ደብተር የሚይዙ ሰው ናቸው። ክረምቱን ትተው በበጋው ወራት ማሽኑ 54 ቀን ወጣ። የቀን ኪራዩ 1,200 ብር ስለነበር ድምሩ 64,800 ብር ነው። ማሽኑን እንደ አዲስ መግዣው ያኔ 60,000 ብር ነበርና፣ በአንድ ዓመት ዋጋውን መልሷል ተብሎ በቤት ውስጥ ተወራ።

ደብተሩ ግን ሌላ ገጽም ነበረው። ቱቦው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ 18,000 ብር ወጣበት። «ሥራው ሲያልቅ እሰጣለሁ» ተብሎ ያልተከፈለ የስምንት ቀን ኪራይ 9,600 ብር ነበር። ዘይትና የአየር ማጣሪያ 3,000 ብር ወሰዱ። የቀረው 34,200 ብር ነው። በዚህ ላይ መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አይቶ፣ በዚህ አያያዝ ከሁለት ዓመት እንደማያልፍ ነገራቸው። እንግዲያው ለምትኩ በየዓመቱ 30,000 ብር መቀመጥ ነበረበት። ያ ሲነሳ የዓመቱ ትርፍ 4,200 ብር ሆነ። መምህሩ ኪራይ የበሉ መስሏቸው ማሽኑን ቀስ በቀስ እየሸጡ ነበር።

ማሽኑ ለምን ቶሎ ተጎዳ? የሚንቀጠቀጠው ብረት ሲሠራ ይግላል፣ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ዙሪያውን ያለው እርጥብ ኮንክሪት ነው። ሠራተኛው ቀጣዩ ባሬላ እስኪመጣ ብረቱን አውጥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ከተወው፣ በአየር ላይ እየነዘረ ውስጡ ይቃጠላል። ቱቦው በኃይል ከታጠፈ ወይም ፌሮ መሀል ሲቀረቀር በጉልበት ከተጎተተ፣ ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ገመድ ይበጠሳል። ሞተሩ በበኩሉ የሚይዘው ዘይት ጥቂት ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የተለመደው ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር 0.6 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከዚያ ላይ ትንሽ ሲጎድል ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሲሚንቶ ብናኝ የደፈነው ማጣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ዕድሜው ያጥራል።

ይህን ሁሉ የሚያደርሰው ሰው ክፉ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ነው፣ ሙሌቱ እንዲያልቅለት ይቸኩላል፣ ማሽኑን ነገ አያየውም። ተከራዩም ጉዳቱን ሲመልስ ላያውቅ ይችላል፤ የተጎዳ ቱቦ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ደንበኛ እጅ ነው። ለዚህ ነው መያዣ ገንዘብ መቀበል ብቻውን ያልጠቀማቸው። ማን እንዳበላሸው ማሳየት አልቻሉም።

በሁለተኛው ዓመት ማሽኑን ብቻውን ማውጣት አቆሙ። የእህታቸው ልጅ ሳይት ላይ ሲሠራ የኖረ ወጣት ነው፤ ማሽኑ ከእሱ ጋር ይወጣል፣ ከእሱ ጋር ይመለሳል። ኪራዩ 2,200 ብር ሆነ፣ ከዚያ 800ው የልጁ ነው። ቤንዚንና የባጃጅ ማጓጓዣ የተከራዩ ነው።

የልጁ ሥራ ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን በየቀኑ ሲደገም ነው። ጠዋት ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አስቀምጦ ዘይቱን ያያል። ብረቱን ቀጥ አድርጎ ያስገባል፣ አረፋው መውጣት ሲያቆም ቀስ ብሎ ያወጣል፣ ኮንክሪት ከሌለ ሞተሩን ያጠፋል። ማታ ቱቦውን ሳይደርቅበት ያጥባል፣ በእጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ የተሰበረ መታጠፊያ ይፈልጋል። ግራሶ የሚያፈስ መጋጠሚያ ወይም በሙቀት ቀለሙ የተለወጠ ብረት ካየ፣ ማሽኑ ሳይጠገን በማግስቱ አይወጣም።

በዚያ ዓመትም እንዲሁ 54 ቀን ሠራ። ከልጁ ድርሻ በኋላ 75,600 ብር ቀረ። ቱቦ የተቀየረው አንድ ጊዜ ሲሆን 9,000 ብር ፈጀ፣ ዘይትና ማጣሪያ ያው 3,000 ብር። ልጁ ሒሳብ ሳይቀበል ከሳይት ስለማይወጣ ያልተከፈለ ቀን የለም። መካኒኩ ሞተሩ አራት ዓመት ይዘልቃል ስላለ ለምትኩ የሚቀመጠው 15,000 ብር ብቻ ሆነ። ትርፉ 48,600 ብር ነው። ብሩ ከከተማ ከተማ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግን ግልጽ ነው። ደንበኛ አልጨመረም። የጨመረው የማሽኑ ዕድሜና የተሰበሰበው ገንዘብ ነው።

ተከራዩ 1,000 ብር ጨምሮ የሚከፍለው ለምንድን ነው? የሙሌት ቀን የሚቆም ቀን ስላልሆነ ነው። የተቦካ ኮንክሪት አይጠብቅም፤ ቢሙ ግማሽ ላይ ደርሶ ማሽኑ ቢቆምና የታችኛው ቢጠነክር፣ ከላይ የሚጨመረው በደንብ አይያያዝም። ልጁ ትርፍ ቱቦ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ቢበጠስ በደቂቃዎች ይቀይራል። ባለቤቱ የሚገዛው ይህን ነው።

ከሁሉ የከበደው የዘመድና የጎረቤት ነገር ነበር። «ለአንድ ቀን ብቻ፣ ጋሼ» ለሚል ሰው ዋጋ መናገር ያሳፍራል፣ እምቢ ማለትም ያስቀይማል። መምህሩ አንድ መልስ አገኙ፦ «ማሽኑ የእናንተ ነው፣ ውሰዱት። ብቻውን ግን አይወጣም፣ ልጁ አብሮ ይመጣል። የእሱን የቀን ሒሳብ ብቻ ክፈሉልኝ።» ማንም አልተቀየመም፣ ማሽኑም ደኅና ይመለሳል።

ይህ ሥራ ገደብ አለው። ደረሰኝ የሚጠይቅ ኮንትራክተር ንግድ ፈቃድ ከሌለው ሰው አይከራይም፤ ስለዚህ ፈቃድ እስኪያወጡ ድረስ ደንበኞቻቸው ቤታቸውን በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ክረምት ሲገባ ሙሌት ይቀንሳል፣ ያኔ ማሽኑ ይታደሳል። ሁለተኛ ማሽን ለመግዛት የሚገፋፏቸውም አሉ። እሳቸው ግን አብሮት የሚወጣ ሁለተኛ ሰው ሳያገኙ አይገዙም።

ግቢው ውስጥ ሚክሰር፣ የብየዳ ማሽን ወይም ጄኔሬተር ያለው ሰው ሸራውን ከመግለጡ በፊት ሁለት ነገር ይወቅ፦ ዛሬ እንደ አዲስ ለመግዛት ስንት እንደሚጠይቅና አብሮት የሚወጣው ማን እንደሆነ። ሁለተኛው መልስ ከሌለ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ላይ ምን ያህሉ በየዓመቱ እየተበላ እንደሚሄድ አስልቶ ኪራዩን ይተምን።