ለማን ነው በጎው?

ባለፈው ክረምት ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት ተለቀቀ ሲባል ለጓደኛዬ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ አላነሳም። በሦስተኛው አነሳ።

«ስንት መጣ?» አልኩት።

«46።»

ማለፊያው 50 ነው። አፌ ላይ የመጣውን አልኩት፤ «አይዞህ ወንድሜ፣ ለበጎ ነው።»

ትንሽ ዝም ብሎ «ለማን ነው በጎው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «በቃ፣ እንደዋወላለን» ብሎ ዘጋው።

እኔ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። እንጀራዬ ቃል ነው። ጓደኛዬ በጣም በፈለገኝ ሰዓት ግን ያቀበልኩት ከታክሲ ጥቅስ የማይሻል ነገር ሆነ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ የእሱ ውጤት ብቻ አልነበረም፤ የእኔም መልስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ጓደኛዬ በዲፕሎማ ተቀጥሮ አሥራ አንድ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ያሠለጠናቸው ልጆች ዲግሪ ስላላቸው ብቻ አለቆቹ ሆነዋል። ስለዚህ ማታ ማታ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተማረ። ክፍያውን ከደመወዙ እየቆረጠ፣ ልጁ ከተኛች በኋላ እያነበበ ጨረሰ። የኮሌጁን ፈተናዎች ሁሉ አልፏል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሰው የመውጫ ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪው አይሰጠውም። መሥሪያ ቤቱ ያወጣው የውስጥ ዕድገት ማስታወቂያ ደግሞ ዲግሪ ይጠይቃል፤ የማመልከቻው ቀን ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ኪሳራ 4 ነጥብ ብቻ አይደለም። ያንን ሳልጠይቅ ነው «ለበጎ ነው» ያልኩት። ኪሳራው ምን እንደሆነ ሳናውቅ የምንሰጠው ማጽናኛ የበሽተኛውን ስም ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ሌሎቹም ወዳጆቹ ከእኔ አልተሻሉም። አንዱ «ቢል ጌትስም እኮ ትምህርቱን አቋርጧል» ብሎ ጻፈለት። ቢል ጌትስ ሃርቫርድን የተወው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ጥሎት የወጣውን በር ዘግቶ ያስቀረው ማንም የለም። ሌላው «ብቻህን አይደለህም፣ ስንቱ ወድቋል» አለው። ይህኛው እንኳ እውነት አለበት። በመጀመሪያው ዙር፣ በ2015፣ ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኝ ተቀምጦ ያለፈው ከመቶ 40 ገደማ ብቻ ነበር። ግን በዚያች ምሽት ቁጥሩ ምን ያደርግለታል? ከሳምንት በኋላ «ምናልባት እኔ ደደብ ነኝ» ሲለኝ ያንኑ ቁጥር ነገርኩት፤ ያኔ ሠራ። አንድ እውነት የሚጠቅምበትም የሚያቆስልበትም ቀን አለው።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ለቅሶ ቤት አሰብኩ። እኛ ማጽናናት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ልጁ ለሞተበት አባት «ሌላ ትወልዳለህ» የሚል የለም፤ ቢል ጎረቤት ይገላምጠዋል። ሰው የሚታወሰው በተናገረው ሳይሆን መጥቶ በመቀመጡ ነው። ፈተና ለወደቀ ሰው ግን ይህን ሁሉ እንረሳና ቶሎ ብለን መምህር እንሆናለን። ውድቀት ሞት አይደለም፣ እኔም ጓደኛዬ ቤት ድንኳን ይጣል አልልም። እንዲያውም በቡድን ሆኖ መሄድ ያሳፍረዋል። መቀመጡን ግን ከለቅሶ ቤት መዋስ እንችላለን።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፤ «ትናንት የማይረባ ነገር ተናገርኩ። አትመልስልኝ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከመሥሪያ ቤትህ ፊት ለፊት ካለችው ቡና ቤት እቀመጣለሁ። ካልመጣህም ቡናዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ።» ያዘነ ሰው ላይ ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ የአጽናኞቹን ስልክ መመለስ ነው። ያንን ሸክም ላነሣለት ፈለግሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ብዙ ደቂቃ ዝም አልን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ «አሁን ከሁሉም የከበደህ የቱ ነው?»

ስለ ዕድገቱ የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። «እማዬ ጠላ ጠንስሳለች» አለኝ።

እናቱ ደብረ ብርሃን ናቸው። ልጃቸው ተመረቀ ብለው ለጎረቤት ሊደግሱ ጌሾውን ወቅጠው ከጠነሰሱ ቀናት አልፏል። እሱ እዚህ የሚያፍረው በአለቃው ፊት አልነበረም፤ በዚያ ጋን ፊት ነበር። እኔ ይህን በግምት ልደርስበት አልችልም ነበር።

«ልደውልላቸው?» አልኩት። «አይ፣ ራሴ ነኝ የምነግራት። ስደውል ግን አትሂድ» አለኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ ደወለ። «እማዬ፣ አላለፍኩም» አለ፣ ድምፁ ተቆረጠ። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ፤ «ጠላው ለማኅበሩ ይሆናል፤ አንተ ግን እህል ቀምሰሃል ልጄ?»

አልቀመሰም ነበር። ሽሮ አዘዝን።

እኚህ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያደረጉትን ልብ በሉ። ውድቀቱን አልካዱም፣ በጎ ነው አላሉም። በጣም የከበደውን ነገር፣ ጠላውን፣ ከጫንቃው ላይ አወረዱለት። ከዚያም እሱን ጠየቁ።

ትምህርት የመስጠት ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ እሱ ራሱ ሲጀምረው መጣ። በሳምንቱ «ለምን እንደወደቅሁ እንይ» አለኝ። እኔ አካውንቲንግ አላውቅም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የሚለውን መጻፍ ብቻ ነበር ሥራዬ። እየተናገረ ራሱ ደረሰበት። ሲያጠና የከረመው በቴሌግራም የሚዞሩ የጥያቄ ስብስቦችን መልስ በመሸምደድ ነበር። በየቀኑ የሚሠራበትን የፋይናንሺያል አካውንቲንግ ክፍል ደጋግሟል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተማረውን ኮስት አካውንቲንግ ግን አልከፈተውም። ፈተናው የሚወጣው ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ሁሉ ነው። «ደደብ ነኝ» የነበረው «ይህንን መጽሐፍ አልከፈትኩም» ሆነ። ሁለተኛው መድኃኒት አለው። ይህንኑ በመጀመሪያው ምሽት ብነግረው ግን ወቀሳ ይሆን ነበር።

«አይዞህ» የሚለውን ቃል እንጣለው እያልኩ አይደለም። ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ብሎ የሚሄድም አለ። እጅን በር መዝጊያው ላይ አድርጎ የሚባለው ነው ባዶው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጓደኛችሁ «መኖሬ ምን ይሠራል» ዓይነት ነገር ከተናገረ እንደ ንዴት ወሬ አትለፉት። ራስህን ልትጎዳ አስበሃል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ለቤተሰቡ አሳውቁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የዕድገቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያንን የሚመልስለት ቃል የለኝም፣ አልፈለግሁለትምም። ለድጋሚው ፈተና ተመዝግቧል፤ ኮስት አካውንቲንጉን ልጁ ከተኛች በኋላ እያነበበ ነው። ያልፋል ብዬ አልምልም። ውጤቱ በሚለቀቅበት ቀን ግን ስልክ አልደውልም፤ ቤቱ ሄጄ እቀመጣለሁ።