ባለ 4 ጊጋው ወይስ ባለ 8ቱ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ «ቲቸር፣ የትኛው የኢንተርኔት ጥቅል ይሻላል?» የሚሉ ናቸው። ዝም ብሎ «ይሄ ይሻላል» ማለት አይቻልም፤ ለእኔ የረከሰው ለእናንተ ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ጥያቄ እሷንም አስፈቅጄ ከነሒሳቡ ልጻፈው።

ጠያቂዋ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ይርጋ ጨፌ አካባቢ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ መዝጋቢ ሆና ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዲላ እየመጣች ትማራለች። እስከ አሁን በየቀኑ የቀን ጥቅል ነበር የምትገዛው። ስለሰለቻት ገንዘብ ተበድራ ያልተገደበውን የወር ጥቅል ልትገዛ አስባ ነበር። ሁለት ስክሪንሾት ላከችልኝ፤ አንዱ የስልኳ የዳታ ፍጆታ፣ ሌላው የዋጋ ዝርዝሩ።

መጀመሪያ የስልኩን እንይ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ Mobile data usage የሚለውን ስትከፍቱ ከላይ ትልቅ ቁጥር ይመጣል። ብዙ ሰው ያንን ብቻ አይቶ «የወር ፍጆታዬ ይሄ ነው» ይላል። ከቁጥሩ በፊት መታየት ያለበት ቀኑ ነው። የእሷ Nov 1 – Nov 30 ይላል፣ ስክሪንሾቱን ያነሳችው ግን በ18ኛው ቀን ነው። ስለዚህ 4.8 ጊጋ የሚለው የ18 ቀን እንጂ የወር አይደለም። (ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር መሆኑንም አትርሱ። ጥቅላችሁን በእኛ ወር መጀመሪያ ከገዛችሁ ሁለቱ አይገናኙም። የቆጠራውን መነሻ ቀን እዚያው ሴቲንግ ላይ መቀየር ይቻላል።)

4.8 ጊጋ ለ18 ሲካፈል በቀን 267 ሜጋ ገደማ ነው፤ በ30 ሲባዛ 8 ጊጋ። እዚህ ላይ ብናቆም ባለ 8 ጊጋውን ግዢ ልላት ነበር። ግን ወደ ታች ወረድ ስትሉ ፍጆታው በየአፑ ተዘርዝሯል። ቴሌግራምና ዩቲዩብ የሚጠበቁ ናቸው። Google Play Store ላይ ግን 1.2 ጊጋ ተጽፏል። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ስልክ ቀይሬ አፖቹን ሁሉ እንደ አዲስ ጫንኳቸው» አለች። በየወሩ ስልክ አትቀይርም! ያንን ቀነስነው፤ 3.6 ጊጋ ቀረ። ለ18 ሲካፈል በቀን 200 ሜጋ፣ በወር 6 ጊጋ ማለት ነው። ያለፈውን ወር ስክሪንሾት አስልኬ ሳየው 5.7 ጊጋ ይላል፤ ስለዚህ ግምቱ ከእውነታው አልራቀም።

አሁን የዋጋ ዝርዝሩ። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የኩባንያውን ስም ትቼ፣ ቁጥሮቹንም ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቼ ነው የምጽፈው። እናንተ ከራሳችሁ ስክሪንሾት ተኩ። የቀን 300 ሜጋ 12 ብር፣ የሳምንት 2 ጊጋ 80 ብር፣ የወር 4 ጊጋ 190 ብር፣ የወር 8 ጊጋ 320 ብር፣ የወር 12 ጊጋ 420 ብር፣ ያልተገደበው የወር 1000 ብር።

አብዛኛው ሰው ብሩን ለጊጋው ያካፍላል። እንደዚያ ከሆነ 12 ጊጋው ያሸንፋል፤ አንዱ ጊጋ 35 ብር ብቻ ነው። ግን እሷ በወር 6 ጊጋ ነው የምትጨርሰው። የተረፈው 6 ጊጋ ቀኑ ሲያልፍ ይቃጠላል፤ ያልበላችውን ከፈለች ማለት ነው።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ጥቅል ለእሷ ስንት ቀን ያቆያል? አንድ ጥቅል በሁለት መንገድ ያልቃል፤ ወይ ጊጋው ያልቃል ወይ ቀኑ ያልቃል። የሚቀድመውን ወስዳችሁ ዋጋውን በዚያ ቀን ቁጥር አካፍሉት።

የሳምንቱ 2 ጊጋ በ200 ሜጋ 10 ቀን ይበቃ ነበር፣ ግን በ7 ቀን ይዘጋል። 80 ለ7 በቀን 11 ብር ከ43 ሳንቲም ነው። 8 ጊጋው 40 ቀን ይበቃ ነበር፣ በ30 ቀን ይዘጋል፤ በቀን 10 ብር ከ67። 12 ጊጋው በቀን 14 ብር ነው። ያልተገደበው ከ33 ብር በላይ። 4 ጊጋው ግን ሳይዘጋ በ20ኛው ቀን ራሱ ያልቃል፤ 190 ለ20 በቀን 9 ብር ከ50 ነው። የረከሰው እሱ ነው!

«የወር ጥቅል በ20 ቀን ካለቀማ ከሰርኩ» አለችኝ። አልከሰረችም። በ20ኛው ቀን ሌላ 4 ጊጋ ትገዛለች፣ የሚቃጠል የለም። በ30 ቀን ሲታሰብ 285 ብር ነው። የቀን ጥቅሉስ? በሥራ ቀን 12 ብር ይበቃታል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን በቀን 400 ሜጋ ገደማ ስለምትጠቀም ሁለት ሁለት ትገዛለች። 8 የእረፍት ቀን ባለው ወር 456 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 171 ብር ነው፤ እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ዲላ ለመምጣት ትራንስፖርት የምትከፍል ልጅ ናት።

ግን አንድ ነገር አለ። በ4 ጊጋውና በ8ቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው። ፍጆታዋ በቀን ከ225 ሜጋ ካለፈ 4 ጊጋው በ18 ቀን ውስጥ ስለሚያልቅ 8ቱ ይረክሳል። ያንን 1.2 ጊጋ ሳንቀንስ፣ በ267 ሜጋ ብናሰላ ኖሮ መልሱ ይገለበጥ ነበር። አሁን ደግሞ የቡና ወቅት ነው፤ የሚዛን ፎቶ በቴሌግራም የሚላከው ከበዛ ልታልፈው ትችላለች። ስልኩና ኦፕሬተሩም አንድ ዓይነት አይቆጥሩም፤ ሴቲንጉ ራሱ የኦፕሬተሩ ቆጠራ ሊለይ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው 4 ጊጋ በስንት ቀን እንዳለቀ መዝግቢ ብያታለሁ። 18 ቀን ካልደረሰ ወደ 8 ጊጋው ትሂድ።

የዋጋ ዝርዝሩ ግርጌ በደቃቃ ፊደል የተጻፈውንም አንብቡ። ቀኑ ሳያልፍ ስታድሱ የተረፈው ዳታ ይዞራል የሚል ካለ ሒሳቡ ይለወጣል። ያኔ 8 ጊጋው ለእሷ የ40 ቀን ይሆናል፣ በቀን 8 ብር ብቻ። በእሷ ዝርዝር ላይ ይሄ የለም። «የሌሊት» ወይም «ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ» የሚሉትን ደግሞ ከተራው ጊጋ ጋር አትደምሯቸው።

ጥቅሉ አልቆ ዳታው ክፍት ከሆነ ከካርድ ሒሳባችሁ በሜጋ መቁረጥ ሊጀምር ይችላል፤ በቀን 9 ብር ከ50 ያልነው ሁሉ በአንድ ማታ ይበላል። እዚያው ሴቲንግ ላይ Data warning የሚለውን 3.5 ጊጋ ላይ አድርጉት፤ ቆጠራው ጥቅሉን ከገዛችሁበት ቀን እንዲጀምርም አስተካክሉ።

አይፎን የያዛችሁ ተጠንቀቁ። Current Period የሚለው ወር አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ Reset Statistics ከነካችሁበት ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። አንድ ሰው 61 ጊጋ የሚል ልኮልኝ ደንግጬ ነበር፣ ለካ ከዓመት በላይ አልነካውም።

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ሲም ይዛችኋል። ስልኩ ለየሲሙ ለብቻ ነው የሚቆጥረው፤ የሁለቱንም ስክሪንሾት አንሱና ደምሩ። ዋይፋይ ግን ከጥቅላችሁ አይቆረጥም፣ አትደምሩት።

መላክ የምትፈልጉ ላኩልኝ፣ ማታ ማታ አያለሁ። ቀኑ የሚታይበት፣ አፖቹ የተዘረዘሩበት ይሁን፤ ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ ቁረጡት።