እንኳን ደስ ያለህ

ለባልንጀራ ደስታን መግለጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት ፊደል ደስታውን ልታደበዝዝበት ትችላለች።

ባልንጀራዬ የ12ኛ ክፍልን ፈተና በሁለተኛው ዓመት አለፈ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ጎረቤቶች ሁሉ ወደ ቤቱ መጡ። አንዱ፥ «ዘንድሮስ ቀናህ!» አለው። ሌላይቱም፥ «ተመስገን፥ በመጨረሻ አለፍህ!» አለችው። ሁለቱም የተናገሩት በቅን ልብ ነው፤ እርሱ ግን ፈገግታው ጠፋና ዓይኑን ወደ ምድር ጣለ። «ዘንድሮ» በሚለው ቃል ላይ የተጨመረችው «ስ» አምናን ጠርታ አመጣችበት። «በመጨረሻ» የሚለውም ቃል የቆየበትን ጊዜ ቆጠረበት።

ተራዬ በደረሰ ጊዜ እኔ፥ «እንኳን ደስ ያለህ! ዶሮ ሳይጮኽ እየተነሣህ የሒሳብ ጥያቄ ስትሠራ አይቼሃለሁ። እንግዲህ ምን ልትማር አስበሃል?» አልሁት። ወዲያው ቀና አለና ስለ እርሻ ትምህርት ይነግረኝ ጀመር። ድካሙን ስለ ጠራሁለት ማለፉ በዕድል እንዳልሆነ ታወቀለት፤ ስለሚመጣው ጊዜ ስለ ጠየቅሁትም ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ልጆች ሆይ፥ ባልንጀራችሁ ራሱ የአምናውን ነገር ቢያነሣ በጸጥታ አድምጡት፤ ወሬውን ቈርጦ ወደ ሌላ ማለፍ የሚያሳፍር ነገር እንዳለ ያስመስላልና። እርሱ ካላነሣው ግን እናንተ አታንሡት።

ከመናገራችሁም በፊት፥ «ይህንኑ ቃል በመጀመሪያው ጊዜ ላለፈ ሰው እናገረው ነበርን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትናገሩት ከሆነ፥ ለባልንጀራችሁም አትናገሩት።