ላፕቶፓችሁን ከመደምሰሳችሁ በፊት በፍላሽ ሞክሩት

ዛሬ ስለ ወረቀትና ስለ ቀጠሮ አልጽፍም። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለ ላፕቶፕ ስለጠየቃችሁኝ፣ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ካርቲየ 7 ቢስ፣ በእኔ ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አምና አንድ ወንድማችን ላፕቶፑ ተንቀራፈፈበትና "ሊኑክስ ጫንልኝ" አለኝ። ሳልሞክር፣ ሳላይ፣ ዊንዶውሱን ደምስሼ ጫንኩለት። ሲያልቅ ዋይፋይ የለም። የጎደለው ድራይቨር ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ድራይቨሩ አይመጣም። ወደ ድሮው እንዳንመለስ ዊንዶውሱ ጠፍቷል። ልጁ ሦስት ሳምንት ላፕቶፑን እንደ ትሪ ተሸክሞ ዞረ። እሱ ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንዲት እህታችን ከፈረንሳይ የመጣ አሮጌ ኤችፒ ላፕቶፕ ገዝታ መጣች። ዊንዶውስ 10 ነው ያለው። የዚያ መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ላፕቶፑ ደግሞ 11ን አይቀበልም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ በኢንተርኔት አላት። ድምጿ መሰማት አለበት፣ መስመሩም መቆረጥ የለበትም። "ጋሼ፣ ፋይሌ ሳይጠፋ የሚሞከርበት መንገድ የለም?" አለችኝ። አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስን በፍላሽ ላይ ታደርጉትና ኮምፒውተሩን ከዚያው ከፍላሹ ታስነሱታላችሁ። ሥርዓቱ በራም ላይ ይሠራል፣ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን Install የምትል ምልክት ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ካልሄዳችሁ በስተቀር ዊንዶውሳችሁ እንዳለ ነው። ስታጠፉትና ፍላሹን ስትነቅሉ ያደረጋችሁት ሁሉ ይረሳል።

እኔ የምጠቀመው ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ለሆነ ማሽን Xfce የሚባለውን። የወረደው ፋይል ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ፎቶ ካለበት አስቀድማችሁ አውጡ። ፋይሉን ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ Rufus ወይም balenaEtcher በሚባል ፕሮግራም ይጻፋል። ከዚያ ኤችፒ ከሆነ ሲበራ F9 ደጋግማችሁ ትጫኑና ፍላሹን ትመርጣላችሁ። ሌኖቮና ዴል ብዙ ጊዜ F12 ናቸው።

ተነሳ። ዋይፋይ ግን የለም፣ የአንድም ጎረቤት ስም አይታይም። የእህታችን ፊት ተለዋወጠ። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የአምናው ጥፋቴ ይኸው ራሱ ነው፤ የዛሬው ምንም ሳይደመሰስ ተገለጠ። ተርሚናል ከፍተን ይህን ጻፍን፦

```
lspci -nnk | grep -iA3 net
```

የመጣው መልስ ውስጥ `Broadcom` እና `BCM43142 [14e4:4365]` የሚል አለ። ካርዱ ይታያል፣ ማለትም አልተበላሸም፤ ድራይቨሩ ነው የሌለው። የዚህ ካርድ ድራይቨር የኩባንያው የተዘጋ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ይጫናል። ካርዱ ኢንቴል ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሠራ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ ግን ወይ ተነቅሏል፣ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ በዩኤስቢ የተያያዘ ነው፤ ለመጨረሻው `lsusb` ይጠየቃል።

ስልኬን በቻርጅ ገመድ አያያዝኩና የዩኤስቢ ማጋሪያውን ከፈትኩ። ይህን አምና አላውቅም ነበር! ኢንተርኔቱ በገመዱ ገባ። Driver Manager ከፍተን የብሮድኮሙን ድራይቨር መረጥን። ሲጨርስ "እንደገና አስነሳ" ይላል፣ እንዳትሰሙት። ፍላሹ ላይ ናችሁና ካስነሳችሁት ይረሳዋል። በዚያ ፈንታ፦

```
sudo modprobe -r b43 bcma
sudo modprobe wl
```

የጎረቤቶቹ ስም ተደረደረ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ Secure Boot የሚባለው ከበራ ይህን ድራይቨር ሊከለክለው ይችላል። ለማጥፋት ከወሰናችሁ ግን መጀመሪያ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆኑን እዩ፤ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ሳትይዙ አትንኩት፣ በራሳችሁ ዲስክ በር ላይ ትቀራላችሁ።

አሁን የይለፍ ቃሉን አስገባች። "ተሳስቷል" አለ። ደገመች። ተሳስቷል። ድራይቨሩን ልወቅስ ነበር፤ ከዚያ ቁልፎቹን አየሁ። ከፈረንሳይ የመጣ ነዋ! ቁልፉ ላይ A የተጻፈበትን ስትጫን q ይወጣል፣ ለቁጥር ሺፍት ይዛ ስትጫን ምልክት ይወጣል፤ ፍላሹ የሚነሳው በአሜሪካ አጻጻፍ ነው። እዚህ ጅቡቲ ከምናገኛቸው ማሽኖች ብዙዎቹ እንዲህ ስለሆኑ የይለፍ ቃል ስትጽፉ ፊደሉን የሚያሳየውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። በ Keyboard ውስጥ ፈረንሳይኛውን ጨመርን፣ ገባ። ከዚያ ላፕቶፑን ይዛ መጋረጃው ጥግ፣ ቃለ መጠይቁን የምታደርግበት ቦታ ተቀመጠች፣ ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ አየች። ሳጥኑ አጠገብ ሆኖ መሞከር ምንም አይነግራችሁም።

ድምፅ ላይ ብዙም አልቆየንም። ዝም አለ፣ ምክንያቱም መውጫው HDMI ላይ ተመርጦ ነበር፤ ወደ ስፒከሩ ስንቀይረው ጮኸ። ከመውጫዎቹ ዝርዝር Dummy Output ብቻ ቢታይ ኖሮ የድምፅ ካርዱ አልታወቀም ማለት ነው፣ ያ ከባድ ነው። ሙዚቃ ሰምታችሁ ግን አትነሱ። የሷ ጉዳይ ማይክሮፎኑ ነው። ድምፅ ቀድተን ሰማነው፣ ውስጠኛው እንደ ጉድጓድ ያስተጋባል። የስልኳን ማዳመጫ ሰካችና እንደገና ቀዳን፣ ጥርት አለ።

ታችፓዱ መጀመሪያ አስፈራን። ቀስቱ እንደ አንበጣ ይዘላል። በሁለት ጣት መጎተት፣ በቀኝ መጫን ይሠራል፣ ግን ይዘላል። ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ ተረጋጋ። ሰካሁት፣ ዘለለ። ስለዚህ ጥፋቱ የርካሽ ቻርጀሩ ነው፣ ሊኑክስን ጭነንም ብንተወውም እዚያው ይኖራል። እስኪቀየር ድረስ በባትሪ ትሠራለች።

አንድ ነገር እንዳይዘነጋ፦ በፍላሹ ላይ የጫንነው ድራይቨር ወደ ዲስኩ በራሱ አይሄድም። ስትጭኑ እንደገና ይደረጋል፣ ስለዚህ የስልኩ ገመድ አጠገባችሁ ይሁን። ፍላሹ ዘገምተኛ መሆኑም አያስደንግጣችሁ፤ ዲስክ ላይ ሲሆን ይፈጥናል።

"እሺ፣ አሁን እንጫነው?" አለች። አይሆንም አልኳት። ለቃለ መጠይቁ የለመደችው ዊንዶውስ ይቆይ፤ ፍላሹን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ፣ ያ እምቢ ካላት በዚህ ታስነሳለች። ፋይሎቿን ገልብጣ በሚመጣው ወር እንጭናለን። የአምናውን ወንድማችንንም ትናንት አገኘሁት፣ ላፕቶፑን ይዞ ቅዳሜ ይመጣል። ሌሎቻችሁም ከመጣችሁ የስልክ ገመድና ባዶ ፍላሽ ያዙ፣ ፋይሉ እኔ ጋ ስላለ ዳታችሁን አትጨርሱ።