ከፎቶው ጠርዝ ውጪ የቀረው ፊደል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ዘመን ከግእዝ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ ብራናውን በእጁ አይዳስሰውም። የሚያገኘው በእጅ ስልክ የተነሣ ፎቶውን ነው። ብራናው በደብሩ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ሳለ ፎቶው ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ተርጓሚውም በተማሪ ቤቱ አልጋ ላይ ተቀምጦ በጣቱ እያጎላ ያነበዋል። ፎቶ ግን ከብራናው የሚያንስባቸው ነገሮች አሉት። ጠርዙ ይቆረጣል፣ ብርሃኑ ቀለሙን ይበላዋል፣ ገጹ ሲታጠፍ ፊደሉ ይሸሸጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የደረሰ ተርጓሚ ምን ይጻፍ? በዚህ ጽሑፍ አንድ አጭር ማስታወሻን ምሳሌ አድርጌ የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

ማስታወሻው በአንድ የወንጌል መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል ላይ የሠፈረ የስጦታ ቃል ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ በብዛት ይገኛሉ። መጽሐፉን ማን እንደ ሰጠ፣ ለማን እንደ ሰጠ፣ ስለ ምን እንደ ሰጠ ይናገራሉ፤ የሚሰርቀውንና ጽሑፉን የሚፍቀውንም ያወግዛሉ። ፎቶውን ያመጣልኝ በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚማር ወንድም ነበር። ከፎቶው ጋር ቀደም ሲል አንድ ሰው የሠራውን በኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ትርጉምም አያይዞ ሰጠኝ። ትርጉሙ መጽሐፉን የሰጠው ወልደ ማርያም የተባለ ሰው ነው ይላል። በዚያው ትርጉም መሠረት በአጥቢያው የመታሰቢያ መዝገብ ላይ ወልደ ማርያም የሚል ስም ገብቶ በጸሎት ይነሣ ነበር።

ፎቶውን ከትርጉሙ ጋር ከማስተያየቴ በፊት ትርጉሙን ወደ ጎን አስቀመጥሁት። አንድን ቃል አስቀድሞ የሰማ ዓይን በደበዘዘ ቀለም ውስጥ ያንኑ ቃል ያያልና። ከዚያም ግእዙን መስመር በመስመር፣ ጸሐፊው መስመሩን በቆረጠበት ቦታ እየቆረጥሁ ገለበጥሁት። በብራና ላይ አንድ ቃል በመስመሩ መጨረሻ ካላለቀ ያለ ምንም ምልክት ወደ ሚቀጥለው መስመር ይሻገራል። ስለዚህ መስመሮቹን አንድ ላይ አያይዞ የሚገለብጥ ሰው የትኛው ፊደል ከጠርዝ አጠገብ እንደ ነበረ ማወቂያውን ያጠፋል። ግልባጩ ይህን ይመስል ነበር፦

ዝንቱ፡ መጽሐፍ፡ ዘወሀ[..]
ወ..፡ ማርያም፡ ለቤተ፡ [ክር]
ስቲያን፡ በእንተ፡ ድኅ[ነተ]
ነፍሱ/ሳ?፡ ዘሰረቆ፡ ወዘፈ[ሐቆ]
ውጉዘ፡ ይኩን።

ምልክቶቹን ላስረዳ። የጥንት ጽሑፎችን የሚያሳትሙ ሊቃውንት በ1931 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሆላንድ ከተማ በላይደን የተስማሙበት የምልክት ሥርዓት አለ። በዚያ ሥርዓት የጠፋ ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ አሳታሚው ሊመልሰው ከቻለ ፊደሉ፣ ካልቻለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ በቅንፉ ውስጥ ይቀመጣል። የሚያጠራጥር ፊደል ከሥሩ ነጥብ ይደረግበታል። በእጅ ስልክ ከግእዝ ፊደል ሥር ነጥብ ማድረግ ስለሚያስቸግር እኔ የጥያቄ ምልክት እጠቀማለሁ። ለራሴም አንድ ልዩነት ጨምሬያለሁ። ቅንፉን ከፎቶው ጠርዝ ውጪ ለቀረው ብቻ እጠብቀዋለሁ፤ በፎቶው ውስጥ እያለ ለማይነበበው ግን ያለ ቅንፍ ነጥብ ብቻ አደርጋለሁ። ከግልባጩ ሥርም የምልክቶቹን ፍቺ እጽፋለሁ።

ይህን መለየት ያስፈለገው መፍትሔያቸው የተለያየ ስለ ሆነ ነው። በመጀመሪያው መስመር ከ«ዘወሀ» በኋላ ያለው ፊደል በብራናው ላይ አልጠፋም፤ ፎቶ አንሺው ጠርዙን ስለ ቆረጠው ብቻ አልታየም። አዲስ ፎቶ ቢነሣ ይገኛል። በሁለተኛው መስመር ከ«ወ» በኋላ ያሉት ሁለት ፊደሎች ግን በጧፍ ሰም ጠብታ ተሸፍነዋል፤ ስንት ፎቶ ቢነሣ ሰሙ አይለቅም። በአራተኛው መስመር ደግሞ ፊደሉ ይታያል፤ ነገር ግን ምስሉ ስለ ደበዘዘ «ሱ» ይሁን «ሳ» አይለይም። ለሦስቱም «አይነበብም» ብሎ አንድ ቃል የሚጽፍ ሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም።

በቅንፍ ውስጥ የመለስኋቸውም ቢሆኑ ሁሉም እኩል አስተማማኝ አይደሉም። በሁለተኛው መስመር የገባው «ክር» የታመነ ነው፤ ሦስተኛው መስመር «ስቲያን» ብሎ ስለሚጀምር ሌላ ቃል ሊሆን አይችልም። «ድኅነተ» እና «ወዘፈሐቆ» የተመለሱት ከልማድ ነው። ስለ ነፍስ ድኅነት መስጠትና የሚሰርቀውን የሚፍቀውንም ማውገዝ የእንደዚህ ዓይነት ማስታወሻዎች የተለመደ አነጋገር ነውና። እነዚህን ሦስት መስመሮች ስንቆጥራቸው እያንዳንዳቸው 12 ፊደል ይሆናሉ። ስለዚህ 10 ፊደል የሚታይበት የመጀመሪያው መስመርም ሁለት ያህል ፊደል እንደ ጎደለው መገመት ይቻላል። ቁጥሩ ግን ከዚህ አያልፍም። የጎደለው «በት» ቢሆን ሴት ሰጠች ማለት ነው፤ «በ» ከሁለት ነጥቡ ጋር ቢሆን ደግሞ ወንድ ሰጠ ማለት ነው። ጸሐፊ ፊደሉን ሰፋ ወይም ጠበብ ስለሚያደርገው የአንድ ፊደል ልዩነት ፍርድ አይሰጥም።

እንግዲህ ነገሩ በሙሉ የተንጠለጠለው በሦስት ቦታዎች ላይ ነበር። ግሱ በጠርዝ ተቆርጧል፤ ስሙ በሰም ተሸፍኖ «ወልደ» ወይም «ወለተ» ሊሆን ይችላል፤ የነፍስ ባለቤት የሚታወቅበት ፊደልም ደብዝዟል። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰጪው ወንድ ነው ወይስ ሴት? የቀደመው ተርጓሚ ለሦስቱም አንዱን መልስ ሰጥቶ ምንም ምልክት ሳያኖር አልፏል። ያነበበውም ሁሉ በብራናው ላይ የተጻፈ መስሎታል።

አማርኛችን ደግሞ በዚህ ቦታ ላይ ተርጓሚውን ያስጨንቀዋል። ግሳችን ባለቤቱን ሳይለይ አይቆምም፤ «የሰጠው» ወይም «የሰጠችው» ማለት ግድ ነው። አንዳንዶች መውጫ ያገኙ መስሏቸው በአክብሮት «የሰጡት» ይላሉ፤ አንቱታ ወንድና ሴት አይለይምና። ይህ ግን ክፍተቱን በሥርዓት ቃል መሸፈን ነው። ግእዙ በእርግጥ የሚለየውን ነገር አማርኛው እንደማይለየው አድርጎ ያስቀራል፤ አንባቢውም ጥያቄ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ትርጉሙን እንዲህ ጻፍሁት፦

«ይህ መጽሐፍ ወ.. ማርያም ስለ ነፍሱ (ወይም ስለ ነፍሷ) ድኅነት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው (ወይም የሰጠችው) ነው። የሰረቀው፣ የፋቀውም የተወገዘ ይሁን።»

ከሥሩም፦ «የሰጪው ስም ሁለት ፊደል በሰም ተሸፍኗል። ወልደ ወይም ወለተ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መስመር መጨረሻ በፎቶው አልገባም። በአራተኛው መስመር ሦስተኛው ፊደል አልጠራም።»

ወንድሜ ይህን ሲያይ ቅር አለው። «ዲያቆን፣ ይህማ ትርጉም ሳይሆን የጥያቄ ወረቀት ነው፤ ሰበካ ጉባኤው ይህን ምን ያደርገዋል?» አለኝ። እኔም «ከሥሩ ያለውን ማስታወሻ ለቄሰ ገበዙ አንብብላቸው» አልሁት። ሲደውልላቸው የጠየቃቸው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የቅጠሉ ቀኝ ጠርዝና የአራተኛው መስመር መጀመሪያ። እንዴት እንደሚነሣም አብረን ነገርናቸው። የስልኩ ብልጭታ ብራናውን ስለሚያንጸባርቀው ይጥፋ፤ መጽሐፉ በመስኮት አጠገብ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ሆኖ ይቀመጥ፤ አራቱም የቅጠሉ ማዕዘኖች በምስሉ ውስጥ ይግቡ፤ ከዚያም የሚፈለገው ቦታ ብቻ በቅርበት ይነሣ። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቅና ጥቃቅኑ ጭረት ይጠፋል። ሰሙን ግን ማንም በጥፍሩም ሆነ በቢላ እንዳይነካው አደራ አልናቸው፤ ሰሙ ሲፋቅ ቀለሙን ይዞት ይነሣልና።

ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶዎቹ መጡ። በአራተኛው መስመር የፊደሉ ቀኝ እግር ከግራው ረዝሞ ወደ ታች ወርዷል፤ «ሱ» ቢሆን ኖሮ በቀኝ ጎኑ መካከል ላይ አጭር ጭረት ይወጣለት ነበር። ስለዚህ «ነፍሳ» ነው። በመጀመሪያው መስመር መጨረሻም «በት» የሚለው ጥርት ብሎ ታየ፤ «ዘወሀበት»። መጽሐፉን የሰጠችው ሴት ናት።

ያኔ ወንድሜ «እንግዲህ ቅንፉን ሁሉ አንሣውና ወለተ ማርያም በል» አለኝ። ከመጀመሪያው መስመር ቅንፉን፣ ከአራተኛው የጥያቄ ምልክቱን አነሣሁ፤ ሁለቱን አሁን በዓይን አይተናቸዋልና። «ክር»፣ «ነተ» እና «ሐቆ»ም በአዲሱ ፎቶ ስለ ታዩ ቅንፋቸው ተነሣ። በሁለተኛው መስመር ግን «ወለተ» ብዬ አልጻፍሁም፤ ከሰሙ በታች ያለውን ማንም አላየውምና። ግሱና «ነፍሳ» የሚለው ቃል ሴት መሆኗን ስለ መሰከሩ፣ በ«ወ» የሚጀምርና ከማርያም በፊት የሚገባ ባለ ሦስት ፊደል የሴት ስም «ወለተ» መሆኑ አያጠራጥርም። ቢሆንም የታወቀው በማስረጃ ነው እንጂ በማንበብ አይደለም። ስለዚህ «ወ[ለተ] ማርያም» ብዬ ጽፌ ከሥሩ «በሰም የተሸፈነ፤ ከግሱና ከነፍሳ የተመለሰ» የሚል አኖርሁ። ቅንፉ ከዚህ በኋላ ለሰሙም ስለ ዋለ የምልክቶቹን ፍቺም አብሬ አስተካከልሁ።

ወንድሜ ወረቀቱን ለቄሰ ገበዙ አደረሰላቸው። እርሳቸውም የመታሰቢያውን መዝገብ አውጥተው የቀደመውን ስም በአንድ መስመር ሰረዙት፤ ሰው እንዲያነበውም ሳይፍቁ ተዉት። ከጎኑም ወለተ ማርያም ብለው ጻፉ። ወረቀቱንም አጥፈው በመዝገቡ ውስጥ፣ በዚያው ገጽ መካከል አኖሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።